ሦስት ፖ ዱቄት

ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ኪሎ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ኪሎ ነው፤ ዝንጅብሉ ኪሎ ነው፤ ምስሩም ኪሎ ነው። አንድ ቀን አንድ ኪሎ ደቃቃ ቃሪያ ተሸክሜ ብገባ ባለቤቴ ጓንት አጥልቃ ዘሩን ስታወጣ አመሸች፤ ያን ቀን ከእኔ ጋር የተነጋገረችው በልጃችን በኩል ነው። ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጥልኝ ሰውዬ እንኳ ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ «ሙሴ፣ ምግብ ቤት አለዎት?» ብሎ ጠይቆኛል።

የዚህ ሁሉ ጦስ ሰዋስው ነው።

ፈረንሳዮች ዕቃውን ሁሉ ወንድና ሴት ብለው ከፍለውታል። ስኳር ወንድ ነው፤ ዱቄት ሴት ናት። ጨው ወንድ፣ ሰላጣ ሴት። ለምን ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ይኸ ብቻ ቢሆን ቀስ እያለ ይለመድ ነበር፤ ግን ሱቅ ገብቶ እንደ አገር ቤቱ «ዱቄት ስጡኝ» ማለትም አይቻልም። ከዱቄቱ በፊት አንዲት ትንሽ ቃል መቅደም አለባት። «ልኩ ያልተነገረ፣ ከጠቅላላው ላይ የተወሰነ» ማለት ናት። ለወንዱ «ዱ»፣ ለሴቷ «ደ ላ»፣ ስሙ በአናባቢ ከጀመረ ለሁለቱም «ደ ል»፣ ለብዙው «ዴ»። ስለዚህ ስኳር «ዱ ሱክር»፣ ዱቄት «ደ ላ ፋሪን»፣ ዘይት «ደ ል ዊል»፣ እንቁላል ደግሞ «ዴ ዘ» ይሆናል። የእንቁላሉ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ አንድ ሲሆን «ኧን ነፍ» ተብሎ መጨረሻው ላይ «ፍ» ጥርት ብላ ትሰማለች፤ ሁለት ሲሆን «ፍ»ዋ ትጠፋለች። እንቁላል ሲበዛ ድምፅ የሚቀንስበት አገር ነው ያለሁት።

አገሩ በገባሁ ሰሞን አንድ ማምለጫ አገኘሁ። ልክ ከተጠራ ዱውም፣ ደ ላውም፣ ዴውም ይቀሩና ሁሉም «ደ» ብቻ ይሆናሉ። ኪሎ ደ ሱክር፣ ኪሎ ደ ፋሪን። ወንድ ይሁን ሴት የሚጠይቅህ የለም። ኪሎ የምትለዋን ቃል ደግሞ ከአገሬ ይዤ ስለመጣሁ ምላሴ አይደነቃቀፍባትም። ያን ጊዜ የጀመርኩት ኪሎ ነው እስከ ዛሬ ጓዳችንን የሞላው።

ወደ ኬኩ ልምጣ። ባለፈው የካቲት ልጄ 7 ዓመት ሊሞላት ሲል ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሰኞ ለክፍሏ ልጆች ኬክ ይዛ መሄድ አለባት። ወረቀቱ ላይ ያለው «ጋቶ ኦ ያኡርት» ነው፤ የእርጎ ኬክ። ፈረንሳይ ያደገ ሰው ሁሉ በሕፃንነቱ መጀመሪያ የሚጋግረው ኬክ ይኸ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሚዛን አያስፈልገውም። እርጎው የመጣበት ትንሽ ዕቃ፣ «ፖ» የሚሉት፣ ባዶ ሲሆን መስፈሪያ ይሆናል። እኛ በጣሳ እንደምንሰፍረው ማለት ነው። አንድ ፖ እርጎ፣ ሁለት ፖ ስኳር፣ ሦስት ፖ ዱቄት፣ ግማሽ ፖ ዘይት፣ ሦስት እንቁላል፣ አንድ ፓኬት «ለቩር»፣ አንድ ቁንጥር ጨው። መቁጠር የቻለ ሕፃን ይጋግረዋል ተብሎ ይታሰባል። እኔ መቁጠር እችላለሁ።

እሁድ ማታ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ናት። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ወረቀቱን ታነባለች፤ እኔ ሽርጥ ታጥቄ እታዘዛለሁ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ትእዛዝ ነው። ካሴ፣ ስበሩ። ቬርሴ፣ አፍስሱ። አዡቴ፣ ጨምሩ። ሜላንዤ፣ አዋህዱ። አንድ ሰውዬ ብቻውን ኩሽና ውስጥ ቆሞ «ስበሩ፣ አፍስሱ» ሲባል የሚረዳው ሰው የመጣ ይመስለዋል፤ ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ያች «ኤ» የምትል መጨረሻ ለብዙ ሰውም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ታገለግላለች። ለልጅና ለጓደኛ ሲሆን ትቆረጥና «አዡት» ብቻ ትቀራለች። እኛ ጨምር፣ ጨምሪ፣ ጨምሩ፣ ይጨምሩ ብለን በአራት የከፈልነውን እነሱ በሁለት ጨርሰውታል። ስኳርን ወንድ፣ ዱቄትን ሴት ያደረገ ሕዝብ፣ ስኳሩን የሚጨምረው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ግድ አይሰጠውም።

ልጄ መጀመሪያ እንደ ወረቀቱ «አዡቴ» እያለች በአክብሮት ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አለቅነቱ ጣማት መሰለኝ «አዡት!» አለችኝ። ክብሬ በአንድ አናባቢ ተገፈፈ። ለነገሩ አናባቢዋ ለራሳቸው ለፈረንሳዮቹም ራስ ምታት ናት። «ጨምሩ» የሚለው ትእዛዝ፣ «መጨመር» የሚለውና «የተጨመረ» የሚለው በጆሮ አንድ ዓይነት «አዡቴ» ናቸው፤ የሚለያዩት ሲጻፉ ብቻ ነው። የልጄ የቃል ጽሕፈት ደብተር በቀይ እስክሪብቶ የተሞላው በዚሁ ነው።

«አባዬ፣ በሬ!» አለችኝ ቀጥላ።

«ምን በሬ?»

«በሬ ለ ሙል!»

ቅቤ «ቤር» ነው፤ ፓትራውን ቅቤ ቀቡት ለማለት ስሙን ራሱን ግስ ያደርጉትና «በሬ» ይሉታል። ዱቄት ነስንሱበት ሲሉም ከፋሪን «ፋሪኔ» ይወጣል፤ ኦቨን ውስጥ ክተቱ ደግሞ ከኦቨኑ ስም ከ«ፉር» ተነሥቶ «አንፉርኔ» ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ትእዛዝ። በሬውን ከተረዳሁ በኋላ ፓትራውን ቀባሁት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። እርጎውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገለበጥኩ፤ ፖውን አጥቤ አደረቅሁ፤ ካልደረቀ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሁለት ፖ ስኳር። ሦስት ፖ ዱቄት። እንዲህ ለመሳሰለው ክፉ ቀን ኪሎ ኪሎ መግዛቴ በጀኝ እያልኩ ነው የምሰፍረው። ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ፖ ዘይት፣ አንድ ፓኬት ለቩር። ማማሰያውን ሳዞር አልዞር አለኝ። ሊጡ እንደ ጭቃ ቡኮ ሆኗል።

«ወፍሯል» አልኳት። «ሲወፍር ምን ይላል?»

ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደች። «ሊጡ ከወፈረ፣ አዡቴ ዱ ሌ።»

ሌ ወተት ነው። ዱ ሌ ሲባል ለእኔ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ዱለት ነው፤ ግን ወተት ነው። ካርቶኑን አነሣሁና ማንቆርቆር ጀመርኩ። ግማሹን ጨርሼ ወደ ሌላው ግማሽ ስሄድ ልጄ እጄን ያዘች።

«ዱ ሌ ነው የሚለው፤ ለ ሌ አይደለም!»

አማርኛዋ እስከዚያ ድረስ አያስረዳላትም እንጂ ልትል የፈለገችው ይኸ ነው። «ለ ሌ» ቢል ወተቱን ጨምሩ ማለት ይሆን ነበር፤ ያን የምታውቁትን፣ የለካችሁትን፣ ሙሉውን። «ዱ ሌ» ሲል ግን ትንሽ ወተት፣ እያያችሁ፣ ሲበቃ አቁሙ ማለቱ ነው። ከላይ ዱቄቱን ሲያዝ «ቬርሴ ላ ፋሪን» ያለው ለዚህ ነው፤ ሦስቱ ፖ ተሰፍሮ ተቀምጧልና አንዲት ብናኝ ሳይቀር ይገባል። በዚያው ቦታ «ደ ላ ፋሪን» ቢል ኖሮ ዱቄት እንደ ዓይንህ ግምት ጣል ጣል አድርግ ማለት ነበር። ዓመታት በሱቅ በር ስሸሻት የኖርኩት ቃል ወተት ውስጥ አግኝታኝ ቀጣችኝ።

የሚያበሳጨኝ ይህን ከእናቴ ገበታ ማወቅ የነበረብኝ መሆኑ ነው። እኛም እኮ «ወተት ጨምር» ስንልና «ወተቱን ጨምር» ስንል አንድ አይደለም። ፈረንሳዩ ከፊት የሚሰካውን እኛ ከኋላ እናንጠለጥለዋለን። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እናቴ «ከወጡ ጨምሩለት» ነበር የምትለው፤ «ወጡን ጨምሩለት» ብትል ድስቱ ሊገለበጥበት ነው። «ዱ» የምትለው ቃል ሆዷ ሲከፈት «ደ» እና «ለ» ናት፤ ደ «ከ» እንደማለት፣ ለ ደግሞ ወጡ ላይ ያለችው «ኡ»። ከወጡ። ልዩነቱ እኛ «ከ» የምንለው ወጡ ፊታችን ቀርቦ ሲታይ ሲሆን፣ እነሱ ግን ገና ሱቅ መደርደሪያ ላይ ላለ፣ አይተውት ለማያውቁት ዱቄት ሁሉ «ከ» ይላሉ።

ሊጡ ጎድጓዳውን ሞልቶ አፉ ላይ ደረሰ። ወደ ፓትራው ገለበጥኩት፤ ፓትራውም ሞላ፤ ተረፈ። ወረቀቱ 180 ዲግሪ ይላል፤ የእኛ ኦቨን አሮጌ ስለሆነ መዘውሩ ላይ ያለው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ብቻ ነው። ይህን እንኳ አውቃለሁ፤ የኦቨኑ ቁጥር በ30 ሲባዛ ዲግሪው ይገኛል፤ ስለዚህ 6 ላይ አደረግሁት። ከ35 ደቂቃ በኋላ ላዩ ቡናማ ሆነ። ቢላዋ መሐሉ ላይ ሰክቼ ባወጣ ስለቱ ደርቆ መውጣት ሲገባው ሊጥ ተለውሶ ወጣ። 10 ደቂቃ ጨመርኩ። እንደገና 10። ሞልቶ የተረፈው ኦቨኑ ወለል ላይ እየፈሰሰ ማረር ጀመረ። በአንድ ሰዓቱ ዳሩ ከሰል፣ መሐሉ አጥሚት ሆነ፤ ጭሱ ደረጃውን ወጣ።

ከላይ ቤት የሚኖሩት አሮጊት ማዳም በሩን አንኳኩ። እሳት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወረቀቱን አዩ፣ ኬኩን አዩ፣ ከዚያ «ፖዎን ያሳዩኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀምጠው ነው የሳቁት።

ለካ ፖ የሚባለው 125 ግራም የሚይዘው ነው። ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ ፈረንሳይ አገር ያደገ ሰው ግን ሳይጻፍ ያውቀዋል። እኔ በልማዴ ትልቁን፣ ባለ 500 ግራሙን ገዝቻለሁ። ኪሎ ባለመሆኑ ራሱ ቆጣቢ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ትልቅ ፖ ብቻውን ጥፋት አልነበረም፤ ስኳሩም፣ ዱቄቱም፣ ዘይቱም የሚሰፈረው በእሱ ስለሆነ አብረውት አራት እጥፍ ያድጋሉ። እንቁላሉና ፓኬቱ ግን የሚቆጠሩት በቁጥር ነው፤ ፖው ቢያድግም ባያድግም አይሰሙም። ለዚያ ሊጥ 12 እንቁላል፣ 4 ፓኬት ለቩርና 4 ፓትራ ያስፈልገው ነበር። ሊጡ እንደ ጭቃ የሆነውም ዘጠኝ እንቁላል ስለጎደለው ነው እንጂ ወተት ፈልጎ አልነበረም።

ማዳም ከፍሪጃቸው ሁለት ትንንሽ እርጎ አምጥተው ሰጡኝና ወጡ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ልጄ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አሁን ልኩ ልክ ነው፤ ሊጡ ከማማሰያው ላይ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ከተትኩት። ከ35 ደቂቃ በኋላ ቢላዋው ደርቆ ወጣ። ኬኩ ግን እንደገባ ነው የወጣው፤ ስንዝር ሊሆን የሚገባው ነገር ሁለት ጣት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ብትወረውረው ጎማ ነው።

አንዱ ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል። «ለቩር» ምንድነው ብዬ መዝገበ ቃላት ሳይ «እርሾ» ይላል። እርሾ ገዛሁ። እርሾ ያልኩት የዳቦውን ነው። ኬክ ውስጥ የሚገባው ግን ሙሉ ስሙ «ለቩር ሺሚክ» የሆነው፣ እኛ ቤኪንግ ፓውደር የምንለው ነው፤ እርጥበት ሲነካውና ሲሞቅ ወዲያው አየር ይሠራል። የዳቦ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሞቅ ያለ ቦታና ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ሊጡ ሳይቦካ በቀጥታ 180 ዲግሪ ውስጥ ስከተው እርሾው ሥራ ሳይጀምር ሞቷል። ማዳም የመጀመሪያውን ኬክ ሲመረምሩ ፖው ላይ ተጠምደው ፓኬቱን አላዩትም። ባያዩት አልፈርድባቸውም፤ የዚያ ኬክ ጥፋት ብዛቱ ያደናግራል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ አንኳኳሁ። የቤት ልብሳቸውን ለብሰው ከፈቱ። አሁን ልክ የለም፣ ኪሎ የለም፤ ከማዳም ጓዳ አንድ ኪሎ ለቩር ሺሚክ አይጠየቅም። ዓይኔን ጨፍኜ «ዱ ለቩር» አልኩ።

«ደ ላ» አሉኝ፤ ፓኬቷን እጄ ላይ አስቀምጠው። «ደ ላ ለቩር፣ ሙሴ። ቦን ኑዊ።»

ሦስተኛው ኬክ ላይ ብዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ደህና የሄደ ነገር ወሬ አይሆንም። ዱቄቱን ወደ ፖው ሳልጠቀጥቅ ቀለል አድርጌ ሞልቼ አፉን በቢላዋ ጀርባ ጠረግሁ፤ ተጠቅጥቆ ከተሰፈረ ሦስት ፖው አራት ሊሆን ይችላል። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መታሁ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አላማሰልኩም፤ ዱቄት ሲታሽ ይጓተትና ኬኩ ዳቦ ዳቦ ይላል። ኦቨኑ መስታወት ፊት ተቀምጬ ጠበቅሁ። በ20ኛው ደቂቃ መሐሉ ጉብ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ላዩ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ቢላዋው ደረቀ። ፓትራውን ስገለብጠው ኬኩ ሳይጎተት ለቀቀ።

ባለቤቴ ሲነጋ ስትገባ ኩሽናው የዱቄት ወፍጮ ቤት ሆኖ ጠበቃት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኬክ አለ። ከሰሉን አየች፣ ጎማውን አየች፣ ደኅናውን አየች፤ ጫማዋን አላወለቀችም ገና።

«ስንት ልጆች ናቸው ክፍሏ ውስጥ?» አለችኝ።

ሰኞ ማታ ልጄ ባዶ ፓትራ ይዛ ተመለሰች። ማዳም የሰጡን ትንሿ ፖ ግን አልተጣለችም፤ ታጥባ መደርደሪያ ላይ ሽሮው አጠገብ ተቀመጠች። ባለቤቴ ማክሰኞ ሽሮ ስትሠራ በእሷ ስትሰፍር አየኋት።

«ስንት ነው የምትጨምሪው?»

«ለሦስታችን አንድ ፖ ሽሮ።»

«አንድ ፖ ደ ሽሮ» አለች ልጄ ከጠረጴዛው ላይ፤ ቀና ሳትል፣ የቤት ሥራዋን እየጻፈች። ከዚያ እርሳሷን አቆመች። «እማዬ፣ ፖ ባይኖርስ? ዱ ሽሮ ነው ደ ላ ሽሮ?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ድስቱን አየሁ። ዘጠኝ ዓመት በፈረንሳይ ኖረን ሽሮ ወንድ ይሁን ሴት የጠየቀን ሰው የለም። ኪሎ ደ ሽሮ እያልን ከሐበሻ ሱቅ ስናመጣ ነው የኖርነው።

ድስቱ ተንተከተከ። ባለቤቴ እሳቱን አጠፋች።

«ሽሮዋ ደርሳለች፤ ኑ ብሉ» አለችን።

ልጄ ደብተሯ ጥግ ላይ «ደ ላ» ብላ ጻፈች።